ባለቤቷ ጅዳ፣ ሱቋ ውጫሌ

የሂሳብ ሥራን ከርቀት መሥራት ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሐይቅ ተቀምጦ ለአዲስ አበባ ወይም ለውጭ አገር ድርጅት በኮምፒውተር መዝገብ መያዝን ነው። ያ መንገድ አይቻልም አልልም። ለጀማሪ ግን ቅርቡ ሥራ ያ አይመስለኝም። ደቡብ ወሎ ለብዙ ዓመታት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች ሰው በብዛት ከሚሄድባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። እዚያ የተለፋበት ገንዘብ ተመልሶ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሐይቅም ሆነ በአምባሰሏ ውጫሌ፣ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ወይም ወፍጮ ቤት ይሆናል። ባለቤቷ ጅዳ ናት፤ ሱቁን የሚሠራው ወንድሟ ወይም የአክስቷ ልጅ ነው። ርቀቱን ሂሳብ ያዡ አላመጣውም፤ ሂሳብ ያዥ ከመቀጠሩ በፊትም ነበረ። ስለዚህ የዚህ ሥራ ዋና ምርት የግብር ቅጽ ወይም የኮምፒውተር ፋይል ሳይሆን፣ ጅዳ ያለችው እህትና ውጫሌ ያለው ወንድም ሁለቱም እኩል የሚያምኑት አንድ የወር ወረቀት ነው እላለሁ። መሣሪያው፣ የወሩ ሥራና የመጀመሪያው ደንበኛ የሚገኝበት መንገድ የሚወሰኑት በዚህ ነው።

ከመሣሪያው ልጀምር፤ ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነውና። በአገራችን ሂሳብ የተማረ ሰው ፒችትሪን ሳይነካ አይመረቅም፤ የሥራ ማስታወቂያውም ይጠይቀዋል። ለአንዲት ሸቀጣሸቀጥ ሱቅ ግን ፒችትሪ ከጥቅሙ ችግሩ ይበልጣል። አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው፦ የሱቁ ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ወሩ 30 ቀን ነው፣ ጳጉሜንም አለች፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጆችን ቀን ብቻ ነው። ኤክሴልም ቢሆን ኅዳር 12ን እንደ ቀን አይረዳም። መፍትሔው ቀኑን በሦስት ዓምድ ከፍሎ እንደ ተራ ቁጥር መጻፍ ነው፤ ቀን ለብቻው፣ ወር ለብቻው፣ ዓመተ ምሕረት ለብቻው። ከዚያ ቀጥሎ ገንዘቡ የመጣበት ወይም የወጣበት መንገድ፣ ምክንያቱ፣ ገቢውና ወጪው ይከተላሉ። ወሩ በ B፣ መንገዱ በ D፣ ገቢው በ F ዓምድ ከሆነ የኅዳር ወር የጥሬ ገንዘብ ገቢ በአንድ መስመር ይገኛል፤ ኅዳር ሦስተኛ ወር ነውና ቁጥሩ 3 ነው።

```
=SUMIFS(F:F,B:B,3,D:D,"ካሽ")
```

«ካሽ» የሚለውን በ«ቴሌ» ወይም በ«ባንክ» መተካት ብቻ ነው የሚቀረው። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ማጠቃለል ይሻላል፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን ራሷን ችላ እንደ ወር ከቆመች ከሌላ ወር ጋር ልትነጻጸር አትችልም።

ከኮምፒውተሩ የሚበልጠው መሣሪያ ግን ሱቁ ውስጥ ያለው ባለመስመር ደብተር ነው። ወንድምዬው ማታ ሱቁን ሲዘጋ አንድ ገጽ ላይ አምስት ነገር ይጽፋል፦ በጥሬው የገባው፣ በቴሌብርና በባንክ የገባው፣ በዱቤ የሄደው፣ ከመሳቢያ የወጣው፣ በመጨረሻም ቆጥሮ ያገኘው። ከአምስቱ ያለ ቆጠራው የሚጻፍ ገጽ ዋጋ የለውም፤ አራቱ የተባለ ነገር ናቸው፣ አምስተኛው ግን የታየ ነው። ከዚያ አምስቱን ቁጥር በአንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት ሐይቅ ላለው ሂሳብ ያዥ ይልካል።

```
12/3 ካ3200 ቴ1450 ዱ400 ወ900 መ8600
```

ለምን በቴሌግራም አይሆንም የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ መልሱ የአካባቢው የቅርብ ታሪክ ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቶ ነበር። ከርቀት የሚሠራ ሂሳብ በኢንተርኔት ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይቆማል። የጽሑፍ መልእክት የሚፈልገው ተራ ኔትወርክ ብቻ ነው፤ ቴሌብርም በ *127# ያለ ዳታ ይሠራል። ሙሉ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ደብተሩ ስላለ ሥራው ይዘገያል እንጂ አይጠፋም፤ ገጾቹ በታክሲም ቢሆን ሐይቅ ይደርሳሉ። ደብተሩ ብቻውን ግን አይበቃም። በ2014 ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲወርድ በዚህ መንገድ ዳር ያሉ ብዙ ሱቆች ተዘርፈዋል፤ ማን ስንት ብር ዱቤ እንደነበረበት የሚናገረው ደብተር አብሮ ከሄደ የተረፈውን ዕዳ መሰብሰብ እንኳ አይቻልም። አንዱ ቅጂ ውጫሌ፣ አንዱ ሐይቅ፣ አንዱ ጅዳ መሆኑ ትርጉሙ ይኸው ነው።

ደረሰኝ ሌላ ጠባይ አለው። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ መስኮት ዳር ወይም ኪስ ውስጥ ከከረመ ጽሑፉ ይጠፋል። ስለዚህ የግዢ ደረሰኝና ማሽን ካለ የዕለቱ ዜድ ሪፖርት በዚያው ቀን በስልክ ፎቶ መነሳት አለባቸው፤ ፎቶው ኔትወርክ ሲገኝ በሳምንት አንዴ ቢላክም ይደርሳል። ሂሳብ ያዡ ፎቶውን ሲያይ የሚያጣራው ድምሩን ብቻ አይደለም። የሻጩ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ቀኑ፣ የገዢው ስም ካልተነበቡ ያ ወረቀት ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሲደርስ ወጪ ሆኖ ላይያዝ ይችላል። ይህን ኅዳር ላይ አይቶ ደሴ ያለውን ጅምላ አከፋፋይ ደረሰኙን እንዲያስተካክል መጠየቅ ይቻላል፤ ሐምሌ ላይ ግን አከፋፋዩም አያስታውሰውም።

አሁን አንድ ወር እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተፈጠሩ ናቸው፤ ሒደታቸው ግን የማንኛውም ሱቅ ነው። ኅዳር 1 ጠዋት የውጫሌዋ ሱቅ መሳቢያ ውስጥ 12,000 ብር ነበር እንበል። በወሩ በጥሬው 96,000 ብር ተሽጧል፤ ከድሮ ዱቤ 9,000 ብር በጥሬው ተሰብስቧል። ስለዚህ በመሳቢያው ያለፈው 117,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ ለዕቃ 58,000፣ ለኪራይ 6,000፣ ለማጓጓዣ 4,500 ብር ወጥቷል፤ ባንክ የገባው 30,000 ብር ነው። የወጣው ሲደመር 98,500 ስለሚሆን ኅዳር 30 ማታ መሳቢያው ውስጥ 18,500 ብር መገኘት ነበረበት። የተቆጠረው 13,900 ነው። 4,600 ብር የለም።

የወር ሂሳብ ብቻ የሚሠራ ሰው እዚህ ይቆማል፤ ከዚህ በኋላ የሚቀረው ወንድምዬውን መጠርጠር ነው። የዕለት ቆጠራ ያለው ሰው ግን ጉድለቱ የወሩ ሳይሆን የሁለት ቀን መሆኑን ያያል። ከላይ ያለውን መልእክት እንውሰድ። ኅዳር 11 ማታ መሳቢያው ውስጥ 9,300 ብር ነበር። በ12 ቀን 3,200 ገባ፣ 900 ወጣ፤ 11,600 መሆን ሲገባው 8,600 ተቆጠረ። 3,000 ብር የጎደለው በዚያ ቀን ነው። ኅዳር 12 የኅዳር ሚካኤል ነው፤ ቤት ውስጥ ድግስ እንደነበረ መገመት አያስቸግርም። ሂሳብ ያዡ በማግስቱ የሚጠይቀው «ብሩ የት ሄደ?» ብሎ አይደለም፤ «ጋሼ፣ ትናንት ለቤት የወጣ ያልተጻፈ ነገር ነበር?» ብሎ ነው። እንዲህ ሲጠየቅ አብዛኛው ሰው አዎ ይላል፤ 3,000 ብሩም ለቤት የወጣ ተብሎ ይጻፋል። ጥያቄው ወር ሙሉ ቢቆይ ኖሮ ይህ መልስ ሰበብ ይመስል ነበር።

ቀሪው 1,600 ብር የጎደለው ኅዳር 23 ነው፤ በዚያ ቀን ግን ለቤት የወጣ ነገር የለም። እዚህ ላይ የወሩ ሥራ ሁለተኛ ክፍል ይመጣል፦ ደብተሩ የሚለውን ከቴሌብርና ከባንክ መግለጫ ጋር ማስተያየት። ደብተሩ በቴሌብርና በባንክ 41,400 ብር ገባ ይላል፤ መግለጫዎቹ ከመሳቢያ ባንክ የገባው 30,000 ተቀንሶ ሲደመሩ 43,000 ይላሉ። ልዩነቱ 1,600 ነው። ከጥሬው የጎደለው ቁጥር ራሱ በሌላኛው በኩል ተርፎ ከተገኘ ገንዘብ አልጠፋም፤ በቴሌብር የከፈለ ደንበኛ ሽያጭ በጥሬ ዓምድ ተጽፏል። መስመሩ ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው ይዛወራል፣ ጠቅላላ ሽያጩም አይለወጥም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በትናንሽ ሱቆች ይህን ዓይነት ስሕተት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ሻጩ እጁ የለመደው ጥሬውን ዓምድ ነውና። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር፦ ሂሳብ ያዥ መግለጫ ይቀበላል እንጂ የሚስጥር ቁጥር አይቀበልም። ቢሰጠው እንኳ እንቢ ይበል። ገንዘብ ማንቀሳቀስ የሚችል ሰው ስለ ገንዘቡ ምስክር መሆን አይችልም።

ሦስተኛው ክፍል ትርፉ ነው፤ ለዚህ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ማታ ዕቃ መቆጠር አለበት። በዱቤ የሄደውን 14,000 ብር ጨምሮ የኅዳር ሽያጭ 151,400 ብር ነው። ወሩ ሲጀመር በመግዣ ዋጋ የ180,000 ብር ዕቃ ነበር፣ በጥሬውና በባንክ የ120,000 ብር ተገዛ፣ ወሩ ሲያልቅ የ171,000 ብር ተቆጠረ። የወጣው ዕቃ ስለዚህ 129,000 ብር የተገዛ ነው፤ በላዩ የተገኘው 22,400 ብር። ይህ ከ100 ብር ሽያጭ 15 ብር እንኳ አይሞላም። ባለፉት ወራት 16 ብር ከምናምን ይገኝ ከነበረ አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው። አከፋፋዩ ዋጋ ጨምሮ ይሆናል፤ ደረሰኞቹን ማየት ነው። አልጨመረም ከተባለ ቀጣዩ ጥያቄ ለቤት የሄደ ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና ነው። ዕቃ ለቤት ሲወሰድ መሳቢያው ምንም አይጎድለውም፤ የሚያሳብቀው ይኸው ከመቶ የሚገኘው ቁጥር ብቻ ነው። የ2,500 ብር ዕቃ ተወስዶ ከሆነ እውነተኛው 24,900 ይሆናል፣ ከመቶውም 16 ተኩል ገደማ ይመጣል፣ ነገሩም ይገጥማል።

ከዚህ ላይ ኪራይ፣ ማጓጓዣ፣ መብራት፣ የተላላኪዋ ደመወዝና ጥቃቅን ወጪ 16,400 ብር ሲቀነስ 8,500 ብር ይቀራል። ጅዳ ላለችው እህት ይህን ቁጥር ብቻ መላክ ማሳሳት ነው። ከ8,500ው 5,000 ብር በሰው እጅ ነው፤ የሰጠነው ዱቤ 14,000፣ የሰበሰብነው 9,000 ነበርና። ከዚህ የሚከብደው ሌላ አለ፦ ወንድምዬው ደመወዝ የለውም። በወሩ 3,000 ብር በጥሬው፣ 2,500 ብር በዕቃ ወስዷል፤ ይህ ስርቆት አይደለም፣ ስም ያልወጣለት ደመወዝ ነው። 6,000 ብር ደመወዝ ተቆርጦለት ቢሆን ኖሮ የሱቁ ትርፍ 2,500 ብር ይሆን ነበር። እህቲቱ ማወቅ ያለባት ይህን ነው፤ ምክንያቱም በየጥቂት ወሩ ዕቃ ለመሙላት የምትልከው ገንዘብ ሱቁን እያሳደገ ነው ወይስ እያኖረ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም በስልክ ለዓመታት ሲወቃቀሱበት የኖሩት ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ያልተጻፈ መስመር ሆኖ ይገኛል። ደመወዙ ሲቆረጥ ግን ኃላፊነት ይከተላል፤ ከደመወዝ የሥራ ግብር መቀነስ፣ ለጡረታም ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ማዋጣት የወሩ ሥራ አካል ይሆናሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኢንተርኔቱ ይጠነክራል፦ ነጋዴ ሂሳቡ እንዲጻፍ አይፈልግም፣ የተጻፈ ነገር ግብር ይጠራል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ ግን የኋላውን እንይ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ባለሙያዎች በየሱቁ እየዞሩ የገመቱት የቀን ገቢ ይፋ ሲሆን በተለያዩ የአገሪቱ ከተሞች ሱቆች እስከ መዝጋት ያደረሰ ቁጣ ተነሳ። የአነስተኛ ነጋዴው አቤቱታ ግምቱ በዝቷል የሚል ነበር፤ ያን የሚያሳይ መዝገብ ያልነበረው ሰው ግን ያለው ማስረጃ ቃሉ ብቻ ነው። መዝገብ በሌለበት ግብርን በግምት መወሰን በሕግም የተፈቀደ ነው። በ2017 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1395 የድሮውን ሐ ደረጃ አስቀርቶ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሚያንቀሳቅሱ ግለሰቦችን በለ ደረጃ ሰብስቧል፤ የእነሱም ግብር በዓመታዊ ሽያጭ ላይ የቆመ ነው። የምሳሌያችን ሱቅ ወሩ ሁሉ እንደ ኅዳር ቢሆን ዓመቱ 1.8 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ለመስመሩ ቅርብ ናት። ከመስመሩ በየትኛው ወገን እንዳለች በመጋቢት ማወቅና በሐምሌ መስማት አንድ አይደሉም። የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልል ስለሆነ አፈጻጸሙን ከወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ግን ግድ ነው። ለገቢዎች ሌላ፣ ለእኛ ሌላ መዝገብ ያዝልን የሚል ደንበኛ ደግሞ ይኖራል። እዚህ ላይ ከሕጉም በፊት የሥራው ጠባይ መልስ ይሰጣል፦ ለመንግሥት ሁለት መዝገብ የሚይዝ ሰው ለእህትና ለወንድምም ሁለት እንደማይይዝ ምን ዋስትና አለ?

ድንበሩንም ማወቅ ያስፈልጋል። መዝገብ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ኦዲት አድርጎ መፈረም ወይም ግብር ከፋይን ወክሎ በገቢዎች ፊት መቆም ሌላ ነው። ኦዲቱ የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድን ፈቃድ፣ ውክልናው የግብር ወኪልነት ፈቃድ ይጠይቃል። ሐይቅ ያለው ልጅ ወረቀቱን አዘጋጅቶ ለባለፈቃዱ ያስረክባል።

የመጀመሪያው ደንበኛ የት ይገኛል? ማስታወቂያ በመለጠፍ አይደለም፤ ሂሳቡን ለማያውቀው ሰው የሚገልጥ ነጋዴ በትንሽ ከተማ የለም። ይልቁንም ገበናዬን ጎረቤት እንዳያውቅብኝ ብሎ ስለሚሰጋ ሐይቅ ያለ ሂሳብ ያዥ ለሐይቅ ሱቅ ሳይሆን ለውጫሌ ሱቅ ቢሠራ ይመረጣል። የመጀመሪያ ደንበኛ የሚሆነው ጭቅጭቅ የጀመረ ግን ገና ያልተጣላ ቤተሰብ ነው፤ ባለቤቱ ውጭ፣ ሠሪው ዘመድ፣ ገንዘብ በየጊዜው የሚላክበት። እንዲህ ያለውን ቤት የሚያውቁ ሰዎች ደሴ ያሉት አከፋፋዮችና የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ናቸው። የሚቀርበውም ተስፋ አይደለም፤ ያለፈ አንድ ወር ነው። «የጥቅምትን ደረሰኝና የባንክ መግለጫ ስጡኝ፣ በሁለት ገጽ ሠርቼ ላሳያችሁ» ይባላል፣ ትንሽም ቢሆን ዋጋ ይጠየቅበታል። በነጻ የተሠራ እንደሆነ ለምን ፈለገው የሚል ጥርጣሬ ይከተላል።

ትልቁ ስሕተት ከጅዳዋ ጋር ብቻ ተስማምቶ ውጫሌ መድረስ ነው። ያኔ ወንድምዬው የሚያየው ሂሳብ ያዥ ሳይሆን ሰላይ ነው፤ ቁጥሩም ከዚያን ዕለት ጀምሮ ይበላሻል። እሱ ካልጻፈ የሚጻፍ ነገር የለም። ስለዚህ በግማሽ ገጽ የሚጻፈው ውል ሦስቱም የሚፈርሙበት ይሁን፦ ሪፖርቱ ለሁለቱም በአንድ ሰዓት ይላካል፣ ያልገባ ነገር መጀመሪያ ሠሪው ይጠየቃል፣ ሂሳብ ያዡ ገንዘብ አይነካም፣ ሥራው ቢቋረጥ ደብተሩና ፋይሉ የሱቁ ናቸው። ዋጋው ደግሞ ከሱቁ አቅም አይለፍ። ከደመወዝ በኋላ 2,500 ብር የሚያተርፍ ሱቅ 3,000 ብር ለሂሳብ ሊከፍል አይችልም። ዕለታዊው መልእክት ጥቂት ደቂቃ፣ የወሩ መዝጊያ አንድ ሙሉ ቀን የሚወስድ ከሆነ ከ1,000 ብር ብዙ የማይርቅ ክፍያ ሁለቱንም ያኖራል፤ በዚህ ዋጋ መተዳደር የሚቻለው ግን እንዲህ ያሉ ሱቆች አሥር ሲሞሉ ነው። አሥር ሱቅ ደግሞ ሁሉም በአንድ ቀን ከተዘጋ አንድ ሰው አይችለውም። ገሚሱ በወሩ መጨረሻ፣ ገሚሱ በ15 እንዲቆጠር ከመጀመሪያው ውል ላይ መጻፍ አለበት፤ ደመወዝ የሚከፍሉት ሱቆች የሥራ ግብሩ የወር ሂሳብ ስለሆነ በመጨረሻው ወገን ይመደባሉ።